በዕድገትና በመቀዛቀዝ ጊዜ የሚለያይ ተከታታይ፦ የገደብ ሞዴሌ ፒ-ቫልዩ የሚታመን ነው?

ጠያቂ፦ የ120 ሩብ ዓመታት የኢንዱስትሪ ምርት ዕድገት መረጃ አለኝ። ሁለት ላግ ያለው የገደብ ኦቶሪግሬሲቭ ሞዴል ገምቼ ገደቡን ኮምፒውተሩ ራሱ እንዲፈልግ ባደርግ -1.4 በመቶን መረጠልኝ፤ ከተራው ሞዴል ጋር ያወዳደርኩበት የኤፍ ፈተናም ፒ-ቫልዩ 0.0004 ሰጠኝ። ከገደቡ በታች የወደቁት ግን 9 ሩብ ዓመታት ብቻ ናቸው። ውጤቱን ልመነው ወይስ ወደ ማርኮቭ ሞዴል ልሻገር?

ሰንጠረዥ፦ ወደ ማርኮቭ ይሻገሩ። ማርኮቭ ገደብ ስለማይፈልግ የፈተናው ችግር አብሮ ይጠፋል፤ የትኛው ሩብ ዓመት የመቀዛቀዝ እንደሆነም መረጃው ራሱ በዕድል መጠን ይነግርዎታል።

ሩብ ዓመት፦ የሰንጠረዥ አስተያየት ግማሹ ትክክል ነው። ማርኮቭ ገደብ እንደማይፈልግ እውነት ነው፤ ነገር ግን ሁኔታው አንድ ብቻ ከሆነ የመሸጋገሪያ ዕድሎቹ ትርጉም ስለሚያጡ፣ የተለመደው የፈተና ሰንጠረዥ እዚያም አይሠራም።

አሁን ወዳለው ሞዴል ልመለስ። ሁለቱ ላጎች ከተነሡ በኋላ 118 ምልከታ ይቀርዎታል። በ9 ምልከታ አንድ ቋሚና ሁለት የላግ ኮፊሸንት ሲገምቱ፣ የመቀዛቀዙ ባሕርይ የሚመስለው ነገር የሁለት ወይም የሦስት ክፉ ሩብ ዓመታት አሻራ ብቻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በየወገኑ ቢያንስ 15 በመቶ፣ በእርስዎ መረጃ 18 ምልከታ፣ እንዲቀር አድርገው ፍለጋውን ይድገሙት። እንዲህም ሆኖ ኮምፒውተሩ ሰማንያ ያህል ገደቦችን ሞክሮ ትልቁን ኤፍ ይመርጣል። የኤፍ ሰንጠረዥ ግን ገደቡ አስቀድሞ ለታወቀ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ለተደረገ ፈተና የተሠራ ነው፤ ከሰማንያ የተመረጠው ትልቁ ቁጥር በዚያ ሰንጠረዥ ሲዳኝ ሁልጊዜ ከሚገባው በላይ ጎልቶ ይታያል።

መፍትሔው ቡትስትራፕ ነው። ተራውን ሞዴል ገምተው፣ ከቀሪ ስህተቶቹ በዕጣ እየመለሱ 1000 ሰው ሠራሽ ተከታታዮች ይፍጠሩ። ከዚያም በእያንዳንዱ ላይ የገደቡን ፍለጋ ከመጀመሪያው ደግመው ትልቁን ኤፍ ይመዝግቡ። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው፤ በእውነተኛው መረጃ የተገኘውን ገደብ እንዳለ ይዘው ኤፉን ብቻ ሲያሰሉ፣ መፈለግ ያስከተለውን ትርፍ መልሰው ይደብቁታል።

ጠያቂ፦ በ15 በመቶው ስደግመው ገደቡ ወደ -0.3 ተዛወረ፤ ከሱ በታችም 26 ምልከታ ሆነ። ኤፍ 5.1 ነው፤ በሰንጠረዡ 0.002 ያህል ሲሆን ከ1000ዎቹ ሰው ሠራሽ ተከታታዮች ግን 70ዎቹ ከዚህ በለጡ።

ሩብ ዓመት፦ እንግዲያው ፒ-ቫልዩዎ 0.07 ነው ማለት ነው። ፍንጭ አለ፤ የመጀመሪያው ቁጥር የሰጠዎት እርግጠኝነት ግን የለም።

አዲስ ገቢ፦ እኔ ማርኮቭ ተጠቅሜ መቀዛቀዙ ከመታወጁ ሁለት ሩብ ዓመት ቀድሜ ስለያዝኩት፣ ለትንበያ እሱ ይሻላል ባይ ነኝ።

ሩብ ዓመት፦ የትኛውን ዕድል እንዳነበቡ ይመልከቱ። smoothed የሚባለው የኋለኛውን መረጃ ጭምር ስለሚጠቀም ያለፈውን ለማንበብ እንጂ ቀድሞ ለማወቅ አይሆንም፤ በጊዜው የሚታወቀውን የሚያሳየው filtered ነው።

```python
m = sm.tsa.MarkovAutoregression(
    y, k_regimes=2, order=2, switching_ar=False)
r = m.fit(search_reps=50)
r.filtered_marginal_probabilities
r.expected_durations
```

search_reps ከተለያዩ መነሻዎች እንዲጀምር ያደርገዋል፤ ያለ እሱ ግምቱ ዝቅተኛ ኮረብታ ላይ ሊቆም ይችላል። የመጨረሻው መስመር የሚሰጠውን ቆይታም ሳይመለከቱ አይለፉ። ሃሚልተን በ1989 በአሜሪካ ጂኤንፒ ላይ ባወጣው ሥራ በመቀዛቀዝ የመቆየት ዕድሉ 0.755 ነበር፤ አንድን ለ0.245 ሲያካፍሉ አራት ሩብ ዓመት ያህል ይመጣል፤ ይህም ከሚታወቀው ጋር ይስማማል። የእርስዎ ቆይታ አንድ ሩብ ዓመት ገደማ ከሆነ ግን ሞዴሉ የያዘው መቀዛቀዝን ሳይሆን ተነጥለው የወጡ ቁጥሮችን ነው።

ጠያቂ፦ የእኔ 1.3 ወጣ። ከ26ቱ ውስጥ 7ቱ ደግሞ የአንድ ከባድ ቀውስ ተከታታይ ሩብ ዓመታት ናቸው። እነሱን በደሚ ላውጣቸው?

ሰንጠረዥ፦ ያውጧቸው፤ ከቀሩት ውስጥ ልዩነቱ ከጠፋ ድሮም አልነበረም።

ሩብ ዓመት፦ በዚህ አልስማማም፤ ሊያጠኑ የተነሡት መቀዛቀዝን ሆኖ ሳለ ዋናውን መቀዛቀዝ ማውጣት ጥያቄውን ራሱን ማውጣት ነው። የቀውሱን የመጀመሪያ ሩብ ዓመት ብቻ በደሚ ይዘው የማገገሚያዎቹን ይተዉ፤ ቡትስትራፑንም በዚያው ይድገሙት።

ጠያቂ፦ እንዳሉት አደረግሁ፤ ገደቡ እዚያው -0.3 ላይ ቆየ፤ ፒ-ቫልዩው ግን 0.19 ሆነ። ለአሁኑ ትንበያውን በተራው ሞዴል እቀጥላለሁ።