የውጫሌ ውል በ35 ቃል፦ «ሀ» ይለጠፍ ወይስ «ለ»?

ጠያቂው፦ ሰላም ጀመዓ። የታሪክ ክበባችን ለአድዋ በዓል ስለ ውጫሌ ውል ሰሌዳ ሊሰቅል ነው። ጽሑፉ ረዘመ ተባለና ሁለት ልጆች አሳጠሩት። ክበቡ ለሁለት ተከፍሎ እየተጨቃጨቀ ነው። ትርጉሙን ብዙ ያላጎደለው የቱ ነው? በምንስ ይለያል?

ሙሉው፦ «የውጫሌ ውል ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥት ምኒልክና በኢጣሊያው መልእክተኛ በኮንት ፒየትሮ አንቶኔሊ መካከል ተፈረመ። 20 አንቀጾች ነበሩት። በአማርኛና በጣሊያንኛ ተጽፏል። የአማርኛው 17ኛ አንቀጽ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ላላቸው ጉዳይ በኢጣሊያ መንግሥት መጠቀም ይችላሉ ይላል። የጣሊያንኛው ግን በዚያ ለመጠቀም ተስማምተዋል ይላል። ኢጣሊያ ይህን ይዛ ኢትዮጵያ በጥበቃዋ ሥር እንደሆነች ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቀች። ምኒልክ አልተቀበሉም። በ1885 ዓ.ም. ውሉን ሰረዙ። ከአድዋ ድል በኋላ፣ በጥቅምት 1889 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተፈረመ ውል የውጫሌው ቀረ።»

ሀ፦ «የውጫሌ ውል ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በአፄ ምኒልክና በኮንት ፒየትሮ አንቶኔሊ መካከል ተፈረመ። 20 አንቀጾች ነበሩት። በ17ኛው አንቀጽ ትርጉም የተነሣ ከኢጣሊያ ጋር አለመግባባት ተፈጠረ፤ የአድዋ ጦርነት ተካሄደ፤ ውሉም ቀረ።»

ለ፦ «በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ በአማርኛ ምኒልክ በኢጣሊያ በኩል ከአውሮፓ ጋር መገናኘት ይችላሉ፣ በጣሊያንኛ ግን ግዴታ አለባቸው ይል ነበር። ኢጣሊያ በዚህ ተመርኩዛ ኢትዮጵያን የጥበቃዋ ግዛት አደረገቻት። ምኒልክ ግን አልተቀበሉም፤ አድዋ ላይም ድል አደረጉ።»

የጦሳ ልጅ፦ ይሄ ምን ያጨቃጭቃል? ሀ ነው። ቃሎቹን ከሙሉው ጋር አስተያዩ። ቀኑ እንዳለ አለ። ስሙ እንዳለ አለ። 20 አንቀጽም አለ። ለ ግን ከራሱ ጨምሯል። «ግዴታ» የሚል ቃል ሙሉው ላይ የታለ? ማሳጠር ማለት መቀነስ እንጂ መጨመር አይደለም።

ሰሌዳ ጻፊው፦ እኔ ቀለም ቀቢ ነኝ፤ ታሪኩን ለባለታሪኩ። ሰሌዳው ከ35 ቃል በላይ አይይዝም፤ ፊደሉን ካሳነስኩት ደግሞ ከበሩ ላይ አይነበብም። ሀ 30 ቃል ነው። ለ ድፍን 35።

ሸዋበር፦ ስለ ማሳጠር ካነሳችሁ የኛን ዕድር ጉድ ልንገራችሁ። ጸሐፊያችን በስልክ መልእክት ይጠራናል። በአማርኛ ሲጻፍ አንድ መልእክት 70 ፊደል ነው የሚይዘው፤ በላቲን ፊደል ግን 160 ይገባል። እንግዲህ ሰውዬው ሳንቲም ለመቆጠብ «ጠዋት» የምትለዋን ቆረጣት። «ነገ 3 ሰዓት ስብሰባ» ብሎ ላከው። ግማሹ ጠዋት መጣ፣ ግማሹ ማታ። ማታ የመጣነው በር ላይ ቆመን ቀረን። ስለዚህ እኔ ቀንና ሰዓት በሌለበት ጽሑፍ አላምንም። ሀ!

ኮምቦልቻ፦ ጋሼ ሸዋበር፣ የእርስዎ ታሪክ ጥሩ ነው፤ ግን ወደ ሀ አይወስድም። ዕድሩ ላይ ሰዓቱ የመልእክቱ ነፍስ ነበር፤ ሰው የሚመጣው በሱ ነው። እዚህ ሰሌዳ ላይ ሚያዝያ 25 ቢጠፋ ማን በር ላይ ይቀራል?

እኔ ረዥም ጊዜ ለሬዲዮ ዜና ሳሳጥር ኖሬያለሁ። ሁለት አጭር ጽሑፍ ሲቀርብልኝ እርስ በርስ አላስተያያቸውም። እንደዚያ ካደረግኩ አነጋገሩ ያማረው ያሸንፋል። መጀመሪያ ሙሉውን ብቻ ይዤ እበትነዋለሁ፤ በየመስመሩ አንድ ነገር። ይሄኛው 11 ሆነልኝ፦ ቀኑ፣ ፈራሚዎቹ፣ 20 አንቀጽ መሆኑ፣ በሁለት ቋንቋ መጻፉ፣ አማርኛው የሚለው፣ ጣሊያንኛው የሚለው፣ ኢጣሊያ ያስታወቀችው፣ ምኒልክ አለመቀበላቸው፣ በ1885 መሰረዙ፣ የአድዋ ድል፣ በመጨረሻ መቅረቱ። ከዚያ ነው ወደ አጭሮቹ የምሄደው።

ሀ አራቱን በሙሉ ይዟል፦ ቀኑን፣ ፈራሚዎቹን፣ 20ውን፣ መቅረቱን። አድዋን በግማሽ፤ ጦርነት አለ እንጂ ማን እንዳሸነፈ አላለም። «ለ»ም አራት ይዟል፦ ሁለቱን ቋንቋ፣ የአማርኛውን ቃል፣ አለመቀበላቸውን፣ ድሉን። ቀኑን በግማሽ፣ ዓመቱን ብቻ። በቁጥር እኩል ወጡ። 1885ን ሁለቱም ጥለውታል።

የጦሳ ልጅ፦ እኩል ከሆኑማ ቀኑን በትክክል የያዘው ይሻላል።

ኮምቦልቻ፦ ቀንና ስም ሲጻፍ እንዳለ ይጻፍ በሚለው ካንተ ጋር ነኝ። ግን 11ዱ እኩል አይመዝኑም። ፈተናው ይኸው፦ አንዱን መስመር አውጣና የቀረው ታሪክ ይቆም እንደሆነ እይ። «20 አንቀጾች ነበሩት» ይውጣ፤ ምንም አልሆነም። አማርኛው «ይችላሉ» ማለቱ ይውጣ፤ ምኒልክ ለምን እንዳልተቀበሉ አይገባህም። ሀ ያወጣው ይህንን ነው። በምትኩ «በትርጉም የተነሣ አለመግባባት ተፈጠረ» አለ። ማን ፈጠረው? በራሱ ተፈጠረ። ባለቤት የሌለው ግስ ሳይ ሁልጊዜ እጠራጠራለሁ።

ጡረተኛው መምህር፦ ልጆች፣ የዚህ ውል ጉዳይ እንዲህ በቀላሉ አይታለፍም። የትርጉም ስህተት ነው ወይስ ሆን ተብሎ የተሠራ? ስቨን ሩበንሰንና ካርሎ ጂሊዮ በ1960ዎቹ በፈረንጅ አቆጣጠር በጽሑፍ ተከራክረውበታል። ውጫሌ ከደሴ ቅርብ ነው። እኛ ደግሞ…

ጠያቂው፦ መምህር ይቅርታ፣ ጥያቄዬ እሱ አይደለም። የቱ አጭር ይሻላል ነው።

ጡረተኛው መምህር፦ ገብቶኛል ልጄ፤ ወደዚያው እየመጣሁ ነው። ምሁራን ያልተስማሙበትን ሀ ወስኖ ጨርሶታል። «በትርጉም የተነሣ» ሲል ጥፋቱን አስተርጓሚ ላይ ጣለው። ለ ግን ሁለቱ ወረቀቶች ምን እንደሚሉ አስቀምጦ ፍርዱን ለአንባቢ ተወ። ደግሞ ሌላም አለ። ምኒልክ ጉዳዩን ያወቁት ቆይተው ነው። ለአውሮፓ ነገሥታት ሲጽፉ፣ ከእንግሊዝ በኩል በኢጣሊያ በኩል ላኩ የሚል መልስ መጣባቸው። ነገሩ ያለው እዚያ ቃል ላይ ነው። እሱን የጣለ አጭር ጽሑፍ ምን ሊነግረን ነው?

ሆጤ፦ እኔም ለን ነበር የመረጥኩት፤ አሁን ግን ፈራሁ። «ኢትዮጵያን የጥበቃዋ ግዛት አደረገቻት» ይላል እኮ! መቼ አደረገችን? ሙሉው «አስታወቀች» ነው የሚለው። ይሄ እኮ መጉደል አይደለም፣ ውሸት ነው።

ኮምቦልቻ፦ ዋናውን ያዝሽው፣ እህቴ። የጎደለና የተጣመመ አንድ አይደሉም። የጎደለበት ሰው አለማወቁን ሊያውቅና ሊጠይቅ ይችላል። የተጣመመበት ግን አወቅኩ ብሎ ይሄዳል። ስለዚህ እኔ ለጎደለው ዜሮ ስሰጥ፣ ለተጣመመው ከዜሮ በታች እሰጣለሁ። ለ ሁለት ቦታ ተጣሟል፦ «አደረገቻት» እና «ግዴታ»። ሀ ደግሞ አንድ ቦታ፤ መምህር ያሉት ላይ።

የጦሳ ልጅ፦ እንግዲያ በእርስዎ ሒሳብ ሀ አሸነፈ!

ኮምቦልቻ፦ በሒሳብ ብቻ ከሄድን፣ አዎ። ለዚህ ነው ሒሳቡ ላይ ብቻ የማልቆመው። ጠያቂው፣ እንዲህ አድርግ። አጭሮቹን ሳታይ፣ ከሙሉው ብቻ አራት ጥያቄ አውጣ። ከአጭሮቹ ካወጣህ ጥያቄው ሳታውቀው ለወደድከው ያዳላል። ከዚያ ለአንድ ልጅ ሀን፣ ለሌላ ልጅ ለን አስነብብ። ሁለቱን ለአንድ ልጅ እንዳትሰጥ፤ ከመጀመሪያው ያነበበውን ለሁለተኛው ያበድረዋል። ሌላ ችግር ደግሞ አለ። የደሴ ልጅ አድዋን ከእናቱ ጓዳ ሰምቶ ነው የሚመጣው። ሲመልስ «ጽሑፉ ላይ በጣትህ አሳየኝ» በለው። ማሳየት ካልቻለ መልሱ ከጽሑፉ አይደለም፤ አትቁጠርለት።

ጠያቂው፦ አደረግሁት። ጎረቤት ያሉ ሁለት የአምስተኛ ክፍል ልጆች ናቸው። «ጠቡ በምን ተነሣ?» አልኳቸው። ሀን ያነበበው «አስተርጓሚው ስለተሳሳተ» አለና «ትርጉም» ላይ ጣቱን አደረገ። ለን ያነበበችው «አማርኛው ይችላሉ ይላል፣ የነሱ ደግሞ ግዴታ» አለች፤ ሁለቱንም አሳየች። «ማን አሸነፈ?» ስል ሀን ያነበበው ወዲያው «ምኒልክ!» አለ። አሳየኝ ስለው ፈልጎ ፈልጎ አጣው። ግን «ኢጣሊያ ምን አደረገች?» ስል «ለ»ን ያነበበችው «ገዛችን፣ ከዚያ አድዋ ላይ አባረርናቸው» አለች። ጣቷ «አደረገቻት» ላይ።

ሆጤ፦ ያልኩት ደረሰ!

ሸዋበር፦ ወላሂ ይቺ ልጅ እኛን ሁሉ ፈተነችን።

ኮምቦልቻ፦ እንግዲህ ምርጫው እንዲህ ነው። የ«ለ» ትልቁ ጥፋት አንድ ግስ ላይ ነው፤ በጣት የሚነካ። የሀ ጥፋት የታሪኩ መሃል መጥፋቱ ነው፤ እሱን ለመመለስ እንደገና መጻፍ አለበት። ትርፍ ያሉት አምስት ቃላት ደግሞ ሁለቱን አንቀጽ አይሸከሙም። እኔ ለን መርጬ «ኢትዮጵያን የጥበቃዋ ግዛት አደረገቻት» የሚለውን «ኢትዮጵያ በጥበቃዬ ሥር ናት አለች» አደርገዋለሁ።

የጦሳ ልጅ፦ ይሄ ማጭበርበር ነው። ጥያቄው ከሁለቱ የቱ ነው እንጂ ቢታረም የቱ ነው አይደለም። ማረም ከተፈቀደ ሀም ይታረም።

ኮምቦልቻ፦ እውነትህን ነው፤ ሁለቱን ለያይተን እንናገር። እንዳሉ ይለጠፉ ከተባለ ሁለቱንም አልለጥፍም።

ሰሌዳ ጻፊው፦ እትዬ፣ ቆጠርኩት። አራቱ ቃል አምስት ሆነ። 36 መጣ።

ሆጤ፦ «ግዴታ አለባቸው» የሚለውን «ተስማምተዋል» ብታደርጉት አንድ ቃል ይቀንሳል። ሙሉውም የሚለው እሱን ነው። ሁለቱም ጥመት ተቃና፣ 35ም ሞላ።

ጡረተኛው መምህር፦ እዚህ ላይ አልስማማም። «ይችላሉ» እና «ተስማምተዋል» ተብሎ ቢለጠፍ የአምስተኛ ክፍል ልጅ ልዩነቱን በምን ያየዋል? በክፍል ስናስተምር «ግዴታ» የምንለው ለዚህ ነው። ኢጣሊያም ቃሉን የተጠቀመችበት እንደ ግዴታ ነው።

ሆጤ፦ መምህር፣ ቃሉ የሚለው ሌላ፣ ኢጣሊያ ያደረገችበት ሌላ ነው። ሰሌዳው ግን «ይል ነበር» ነው የሚለው።

ኮምቦልቻ፦ እኔ ወደ ሆጤ አዘነብላለሁ። ግን የመምህርን ሥጋት በሦስተኛ ልጅ ሳልፈትን አልምልም።

ጠያቂው፦ እሺ፣ ለ ይሁን፣ «አደረገቻት» ይውጣ። ስለ «ግዴታ» ነገ ክበቡ ሲሰበሰብ ሦስተኛ ልጅ አስነብባለሁ።

ሰሌዳ ጻፊው፦ እኔ ሌላውን ዛሬ ልጀምር። ለዚያ ቦታ ክፍት ትቼላችኋለሁ። አንድ ቃል ብቻ ግን ነው የሚገባው።