ጣሪያ ላይ ላለ ታንከር 25 ቱቦ ይበቃል ወይስ 32?

የሰሚቷ (ጠያቂ)
ቤታችን ጂ+2 ነው። ውኃ በፈረቃ ሌሊት ሁለት ሰዓት ያህል ይመጣና ያለ ፓምፕ በራሱ ግፊት ጣሪያ ላይ ያለውን የ2000 ሊትር ታንከር ይሞላል፤ ግን ከግማሽ ብዙም አያልፍም። መስመሩ 20 ፒፒአር ነው፣ ከቆጣሪ እስከ ታንከር 28 ሜትር፣ አሥር ጎሚቶ አለው። ቆጣሪው አጠገብ ጌጅ አስገጥሜ ሌሊት ሁሉም ነገር ተዘግቶ ሳየው 1.8 ባር ነው። ከጌጁ እስከ ታንከሩ መግቢያ ከፍታው 12 ሜትር ነው። ቱቦውን ልቀይር ነው፤ 25 ወይስ 32 ላድርግ?

ዳዊት ቧንቧ
እህቴ፣ እኔ ብሆን አላሰፋውም። ቱቦ ሲሰፋ ግፊት ይወርዳል። የአትክልት ጎማ ጫፉን በጣት ስትይዢው ውኃው ሩቅ ይሄድ የለ? ደግሞ 32 ቱቦ ብዙ ውኃ ስለሚይዝ ክብደቱን ወደ ላይ መግፋት ይከብዳል።

መሐንዲሱ ከአዳማ
ዳዊት፣ ጣትህ የሚያፈጥነው ከጫፉ የሚወጣውን ውኃ ብቻ ነው። ጫፉን ስትይዘው ጎማው ውስጥ ያለው ውኃ ስለሚዘገይ በመንገዱ የሚባክነው ግፊት ይቀንሳል፤ የተረፈው ነው ጣትህ ስር የሚወጣው። ጠባብ ቱቦ ግን በ28 ሜትሩ ሙሉ ግፊት ያባክናል። ክብደቱን በተመለከተ፣ ወፍራምም ይሁን ቀጭን ውኃን 12 ሜትር ለማውጣት የሚያስፈልገው ግፊት ያው 1.2 ባር ነው።

እህቴ፣ የተዘጋ ጌጅ ንባብ ብቻውን ያታልላል፤ ውኃ ሲሄድ ቆጣሪው ራሱና ከመንገድ የሚመጣው ቀጭን መስመር የሚበሉት አለ። ዛሬ ሌሊት ወደ ታንከር የሚሄደውን ዝጊና ጌጁ አጠገብ ያለውን ቧንቧ ባለ 20 ሊትር ባልዲ በአንድ ደቂቃ እስኪሞላ ድረስ አስተካክለሽ ክፈቺ። ያን ጊዜ ጌጁ ስንት ይላል?

የሰሚቷ (ጠያቂ)
ሞከርኩት። 1.5 ባር።

ከቦሌ አራብሳ
እኛ ቤት ደግሞ ሦስተኛ ፎቅ ሻወሩ ጭል ጭል ነው የሚለው፤ 32 ብናደርገው ይሻላል?

መሐንዲሱ ከአዳማ
የአራብሳው፣ ያንተ ከታንከሩ ወደ ታች ያለው መስመር ነው። ታንከሩ ከሻወሩ በላይ ሁለት ሜትር ብቻ ከሆነ ቱቦ ማስፋት ግፊቱን ከዚያ በላይ አያደርሰውም። ለብቻው ብትጠይቅ ይሻላል።

ወደ እህታችን ልመለስ። 1.5 ባር 15 ሜትር ያህል ነው። 12ቱን ከፍታው ይወስዳል፣ 3 ሜትር ይቀራል። በደቂቃ 20 ሊትር እንዲወጣ ከፈለግሽ ቱቦው ከዚህ 3 ሜትር በላይ መብላት የለበትም። ጎሚቶዎቹንና ሳራቺኔስካውን ጨምሬ መስመሩን 40 ሜትር አድርጌ አሰላሁት። ወፍራም ግድግዳ ያለው (PN20) 25 ቱቦ ውስጡ 16.6 ሚሊ ስለሆነ ወደ 7 ሜትር ይበላል፤ አይሆንም። 32ቱ ውስጡ 21.2 ነው፣ 2 ሜትር ይበላል። ያሁኑ 20 ግን ውስጡ 13.2 ብቻ ስለሆነ ለዚህ ፍሰት 20 ሜትር ይፈልጋል፤ ለዚያ ነው በደቂቃ 10 ሊትር ገደማ ብቻ የሚወጣው።

በ25 ብታደርጊው በደቂቃ 15 ሊትር አካባቢ ይወጣል፣ በሁለት ሰዓት ታንከሩ ለጥቂት አይሞላም። በ32 ከ20 ሊትር ትንሽ ያልፍና በአንድ ሰዓት ተኩል ይሞላል። ግፊቱ የሚደክምበት ሌሊት ስለማይጠፋ እኔ 32ን እመርጣለሁ። 40 ግን ገንዘብ ማባከን ነው፤ ከዚያ በኋላ ማነቆው ቆጣሪውና የመንገዱ መስመር ይሆናል። ታንከሩ ላይ ያለው ፍሎት ቫልቭም የግማሽ ኢንች ከሆነ ቀይሪው፣ ቀዳዳው ጠባብ ነው።

ሱቅ አለኝ፣ መርካቶ
ጋሼ መሐንዲሱ፣ ቀዝቃዛ ውኃ ስለሆነ ቀጭን ግድግዳ ያለው PN10 ይበቃት የለ? 25ቱ ውስጡ 20.4 ሚሊ ነው፣ ለ32 PN20 የቀረበ። በዋጋም ይቀንሳል። ደንበኛ 25 ወይም 32 ብቻ ይጠይቃል፣ ቁጥሩ ግን የውጪው ስፋት ነው።

መሐንዲሱ ከአዳማ
ልክ ነህ፤ ሳሰላው 2.5 ሜትር ያህል ይበላል፣ ከ3ቱ ውስጥ ይገባል። ግን የሚቀረው ትርፍ ግማሽ ሜትር ብቻ ነው፤ ብየዳው ላይ ፕላስቲኩ ወደ ውስጥ ቀልጦ ከገባ እሱም ያልቃል። ቀጭን ግድግዳ ሲሆን ደግሞ የሚበይደው ሰው ማሽኑ ላይ ካቆየው ቶሎ ይበላሻል።

ዳዊት ቧንቧ
ለምን ፓምፕ ከቆጣሪው ቀጥታ አይገጠምም? ቶሎ ይሞላላት ነበር።

መሐንዲሱ ከአዳማ
በፍጹም። ፓምፕ መስመሩን ሲመጥ በመንገድ ላይ በተሰነጠቀ ቱቦ በኩል ቆሻሻ ይስባል፣ ከጎረቤትም ውኃ ይወስዳል። ፓምፕ ከተፈለገ መሬት ላይ ሌላ ታንከር ተቀምጦ ከእሱ ነው የሚገፋው።

የሰሚቷ (ጠያቂ)
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የ32 PN20ንና የ25 PN10ን ዋጋ ጠይቄ እመለሳለሁ። ቱቦው ውጪ ግድግዳ ላይ ፀሐይ ይመታዋል፤ ፒፒአር ይችለዋል ወይስ መሸፈን አለብኝ?

ሱቅ አለኝ፣ መርካቶ
ፀሐይ አይወድም፣ እየቆየ ይሰነጠቃል። ሸፍኚው ወይም ግድግዳው ውስጥ አስቀብሪው። ቀጭኑ በፀሐይ ስንት ዓመት እንደሚቆይ ያየ ሰው ካለ ግን ይንገረን።