ራጁ «ስብራት የለም» አለ፣ አውራ ጣቴ ሥር ግን አሁንም ያመኛል

ሰላም ወገኖች፣ ሐዋሳ ነኝ። ከ12 ቀን በፊት ከሞተር ስወድቅ በመዳፌ መሬቱን ደገፍኩ። በማግስቱ ራጅ ተነሣሁ፤ «ወለምታ ነው» ተብዬ በፋሻ ተሸኘሁ።

እብጠቱ ቀንሷል። ግን አውራ ጣቴን ስቀስረው ሥሩ ላይ የሚሠራው ጎድጓዳ ቦታ ሲነካ ነፍሴ ልትወጣ ትደርሳለች። ነርስ ጓደኛዬ ስካፎይድን ጠረጠረች፤ በሁለት ረድፍ ከተደረደሩት 8 የእጅ አንጓ አጥንቶች አንዱ ነው። ስንጥቁ በመጀመሪያው ራጅ ላይታይ ይችላል። ወደዚህ አጥንት ደም በአብዛኛው የሚገባው በጣቶቹ በኩል ካለው ጫፉ ነው፤ አጥንቱ ወገቡ ላይ ከተሰበረ በክንድ በኩል ያለው ቁራጭ ደም አጥቶ ሊሞት ይችላል አለችኝ። እናቴ ደግሞ ወጌሻ ካላሸው ትላለች! አላስነካሁም።

ራጁን አሁን ልድገም ወይስ በቀጥታ ሲቲ ስካን ልነሣ? እስከዚያስ አውራ ጣቴን ጨምሬ በጀሶ ላሳስረው?