ካርቲሌጁ «ይጠፋል» ወይስ «ይቀራል»?

ጠያቂ፣ ከደብረ ማርቆስ፦
ለጤና ተማሪዎች የሚሆን ጽሑፍ ወደ አማርኛ እየመለስኩ አንድ ዐረፍተ ነገር ላይ ቆሜያለሁ። የአየር ቧንቧው ሳንባ ውስጥ እየተከፋፈለ ሲሄድ በግድግዳው ላይ የነበረው ካርቲሌጅ፣ ማለትም ለስላሳው አጥንት፣ ብሮንኪዮሎች፣ ማለትም ቀጫጭኖቹ የአየር ቱቦዎች፣ ላይ ሲደርስ እንደማይገኝ ይናገራል። «ይጠፋል» ብዬ ጻፍኩና አልጣመኝም፤ ጠፋ የሚባለው መኖር ሲገባው የታጣ፣ የሚፈለግ ነገር ነው። «ያልቃል» ወይስ «ይቀራል» ልበል? ምክንያቱን ሳላውቅ ግሡን መምረጥ አልቻልኩም።

ተሳታፊ፣ ከፍኖተ ሰላም፦
«ያልቃል» ይበሉ። ትልቅ ቤት ምሰሶ ይሻል፣ ትንሽ ጎጆ ግን በግድግዳው ብቻ ይቆማል፤ ቧንቧውም ሲቀጥን ደጋፊ አያስፈልገውም።

የአናቶሚ መምህርት፣ ከባሕር ዳር፦
ወንድሜ፣ ካርቲሌጁ ቧንቧውን ደግፎ እንደሚይዝ ያሉት ትክክል ነው፤ የቀጠነው ደጋፊ አይሻም ማለትዎ ግን አይሆንም፤ ውስጡ እርጥብ የሆነ ቀጭን ቱቦ እንዲያውም ቶሎ ይጣበቃል።

በግ ሲታረድ ሳንባውን ከነቧንቧው ይዛችሁ እዩት። በጣታችሁ ስትዳስሱት ከፊት በኩል ጠንካራ ቀለበቶች ተደርድረው ታገኛላችሁ፤ ከኋላ፣ የምግብ ቧንቧው በሚያልፍበት በኩል ግን ጣታችሁ ለስላሳ ሥጋ ላይ ያርፋል። በሰው ቧንቧም ከ16 እስከ 20 የሚደርሱት እነዚህ ቀለበቶች አፋቸው አይገጥምም፤ ስለዚህ «ቀለበት» ከማለት አፉ ያልገጠመ አምባር ብንላቸው እመርጣለሁ። ሳንባው ውስጥ ከገባን በኋላ አምባሩ ተሰባብሮ እዚህም እዚያም የተበተነ ገል ይመስላል፤ ገሉ እያነሰና እየተራራቀ ሄዶ የቱቦው ስፋት 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን አይገኝም።

አሁን ወደ ምክንያቱ እንምጣ። ስናስል ደረታችን ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምርና ትልልቆቹን ቧንቧዎች ከውጭ ይጫናቸዋል፤ አምባሩ ባይኖር ይደፈጠጡ ነበር። ትንንሾቹ ግን በሳንባው ሥጋ ተከብበው ይገኛሉ። በዙሪያቸው ያሉት የአየር ከረጢቶች ግድግዳ እንደ ላስቲክ የሚለጠጥ ክር አለበት፤ ክሩም የቱቦውን ግድግዳ ከየአቅጣጫው ወደ ውጭ ስቦ ይይዘዋል። የሠርግ ድንኳን በገመድ ተወጥሮ እንደሚቆም ማለት ነው። አየር በሳብን ቁጥር ሳንባው ይሰፋል፣ ክሩ ይወጠራል፣ ቱቦውም አብሮ ይከፈታል፤ ግትር አጥንት ቢኖርበት ይህን አብሮ መስፋትና መጥበብ ያግደው ነበር።

ተሳታፊ፣ ከደጀን፦
ይቅርታ፣ ጥያቄው ስለ «ትን ማለት» መስሎኝ ነበር። ልጄ የሽምብራ ቆሎ ሲበላ ትን ብሎት ጤና ጣቢያ ስንወስደው ቆሎው ቀኝ ሳንባው ውስጥ እንዳለ ነገሩን። ቀጭኑ ቱቦ ውስጥ ገብቶ ይሆን?

የአናቶሚ መምህርት፦
እንኳን ወዲያው ወሰዱት። ሽምብራ 1 ሚሊ ሜትር በሆነ ቱቦ ስለማያልፍ የሚሰነቀረው ገና ካርቲሌጅ ባለበት ሰፊ ቅርንጫፍ ነው። ወደ ቀኝ የሚሄደው ዋና ቅርንጫፍ ከግራው ይልቅ ሰፊ፣ አጭርና ቁልቁል የወረደ ስለሆነ የገባ ነገር አብዛኛውን ጊዜ ወደዚያ ይሄዳል።

ተሳታፊ፣ ከፍኖተ ሰላም፦
የጎጆዬን ምሳሌ ትቻለሁ። ታዲያ የድንኳኑ ገመድ ቢበጠስስ?

የአናቶሚ መምህርት፦
ለረጅም ዓመታት ሲጋራ ባጨሱ ሰዎች ላይ ይህ ይታያል። የከረጢቶቹ ግድግዳ ሲፈርስ የሚስበው ክር ይላላል፤ ሰውየው አየር ሲያስገባ ብዙም አይቸገርም፣ ሲያስወጣ ግን ትንንሾቹ ቱቦዎች ይጨፈለቁና አየሩ ውስጥ ይቀራል። ከንፈሩን ጠበብ አድርጎ ቀስ እያለ ሲተነፍስ ታዩታላችሁ። አስም ከዚህ ይለያል፤ በአስም ክሩ ሳይጎዳ የቱቦው ጡንቻ ይኮማተራል፣ ትንንሾቹ ላይ ደግሞ የሚመክተው ካርቲሌጅ የለም።

ጠያቂ፦
እንግዲህ «እየሳሳ ሄዶ ይቀራል፤ ከዚያ ወዲያ ቱቦውን የሳንባው ውጥረት ይይዘዋል» ብዬ ጻፍኩ። በግምት ከ16ኛው መከፋፈል በኋላ የሚመጡትን ደግሞ «የመጨረሻ ቀንበጦች» ብያቸዋለሁ።

ተሳታፊ፣ ከፍኖተ ሰላም፦
ቀንበጥ ገና የሚያድግ ለጋ ነው፤ ለቱቦ አይሆንም። «ጭራሮ» ይሻላል።

የአናቶሚ መምህርት፦
ጭራሮ የደረቀ እንጨት ነው፤ እነዚህ ደግሞ ሕያው ናቸው። እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ «የመጨረሻ» የሚለው ነው። ቱቦው እዚያ አያበቃም፤ ከእነርሱ ቀጥሎ ግድግዳቸው ላይ የአየር ከረጢት ያላቸው ሌሎች ብሮንኪዮሎች አሉ። የመጨረሻ የተባሉት አየር ከማሳለፍ በቀር ከደም ጋር ከማይለዋወጡት ቱቦዎች መካከል ነው።

ጠያቂ፦
«የማሳለፊያው ጫፍ» ብልስ?

ተሳታፊ፣ ከደጀን፦
እኔ ብሆን ጫፍ ሲባል ያለቀ ይመስለኛል።