የድንቼ ቅጠል እየጠቆረ ነው፤ ፎቶው ስለተሰረዘ በቃል ልንገራችሁ

ባለጓሮዋ (ደብረ ብርሃን)፣ ነሐሴ 9

ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት የለጠፍኩት ፎቶ የጎረቤት ልጅ ፊት ስለታየበት ተሰርዟል። ስልኬም ዛሬ ጠዋት ውሃ ገብቶበት ካሜራው አይሠራም። ጓሮዬ ውስጥ ሦስት መደብ ድንች አለኝ። ሰኔ መጀመሪያ ላይ ተክዬው አሁን አበባ ይዟል። ቅጠሉ ግን እየጠቆረ ነው። ምንድን ነው? ምን ልርጭበት?

ወንድም ከሸኖ

እህቴ፣ ይሄ ውርጭ ነው። እኔም ደርሶብኛል። ማታ ደህና የነበረ ድንች ጠዋት ስነሳ የፈላ ውሃ የፈሰሰበት መስሎ አገኘሁት፣ ከሰዓት በኋላ ጥቁር ሆነ። አመድ ነስንሺበት፣ አዲስ ቅጠል ያወጣል።

ዘር ድንች አምራች

ወንድሜ ያልከው መልክ ልክ ነው። ውርጭ የመታው ቅጠልም መጀመሪያ የተቀቀለ ጎመን ይመስላል፣ ከዚያ ይጠቁራል። ግን ነሐሴ ላይ ነን። ውርጭ የሚመጣው ሰማዩ ጠርቶ፣ ከዋክብት ወጥተው ባደሩበት ሌሊት ነው፤ በእናንተ አገር ብዙውን ጊዜ ከጥቅምት ወዲህ። ደመና በተጫነው ክረምት ሌላ ነገር መጠርጠር ይሻላል።

እህቴ፣ «ጠቆረ» ብቻውን አይነግረኝም። ድንች በብዙ ምክንያት ይጠቁራል። 14 ዓመት የልማት ሠራተኛ ሆኜ ስሠራ ገበሬው ሁሉ «ምች መታው» ነበር የሚለኝ። ምች ያላለው ደግሞ ዋግ ይል ነበር፣ ዋግ ግን የስንዴ ነው። ስለዚህ ስሙን ተዪውና ያየሽውን ንገሪኝ። ነገ ማለዳ፣ ጤዛው ሳይደርቅ፣ መደቡ ውስጥ ግቢ። የታመመ ቅጠል ያዢና መጀመሪያ ጀርባውን ገልብጪ። በጠቆረውና በአረንጓዴው ድንበር ላይ ምን አለ? ጥቁረቱ የጀመረው ከቅጠሉ ጫፍ ነው ወይስ ከመሃሉ? ውስጡ እንደ ጣት አሻራ ክብ በክብ መስመር አለው? ግንዱስ ደህና ነው? ከሁሉም በላይ ደግሞ ከስንት ቀን በፊት አየሽው፣ ዛሬስ የት ደርሷል?

ከሻሸመኔ

እኔ አጠውልግ እንዳይሆን ነው የምፈራው። እኛ ጋ ብዙ ድንች የጨረሰው እሱ ነው። አረንጓዴ እንደሆነ ቀትር ላይ ይጠወልጋል፣ ማታ ይመለሳል፣ በሦስተኛው ቀን አይመለስም። መሞከሪያው ቀላል ነው። የታመመውን ግንድ ከአፈሩ በላይ ቁረጪ። ንጹህ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ የተቆረጠውን ጫፍ ብቻ ውሃው እንዲነካው አድርገሽ ሳታነቃንቂ ያዢው። አጠውልግ ከሆነ ጥቂት ደቂቃ ሳይሞላ ወተት የመሰለ ቀጭን ክር ከግንዱ እየወረደ ታያለሽ።

ከቨርጂኒያ

ይቅርታ፣ የእኔም ይጠቁራል። በረንዳ ላይ በባልዲ የተከልኩት ቲማቲም ነው። ቅጠሉ ያምራል፣ ፍሬው ግን ከሥሩ፣ አበባው ከረገፈበት በኩል፣ እንደ ቆዳ ጠፍጣፋ ሆኖ ይጠቁራል። እሷ የምትረጨውን ልርጭ?

ዘር ድንች አምራች

አትርጪ። የአንቺ በሽታ አይደለም፣ ካልሲየም ፍሬው ጫፍ ድረስ ሳይደርስለት ቀርቶ ነው። ባልዲ ቶሎ ይደርቃል፣ ከዚያ አንድ ጊዜ ውሃ ታፈሺበታለሽ። እርጥበቱ እኩል ይሁን፣ የሚቀጥሉት ፍሬዎች ይስተካከላሉ። የቅጠሉን ጀርባ ግን አንቺም ተመልከቺ። ቲማቲምና ድንች አንድ ዓይነት በሽታ ይጋራሉ።

ባለጓሮዋ፣ ነሐሴ 10

ጋሼ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ገባሁ። ያየሁትን እንዳለ ልጻፈው።

ጥቁረቱ በብዛት ከቅጠሉ ጫፍና ከዳሩ ነው የሚጀምረው። ዳሩ ላይ ውሃ የገባበት የመሰለ፣ ፈዛዛ አረንጓዴ ቀለበት አለው። መሃሉ ቡናማ ነው፣ ወደ ጥቁር ያደላል። ክብ በክብ መስመር የለውም። ትንሹ የሽምብራ ፍሬ ያህላል፣ ትልቁ ከሃምሳ ሳንቲም ይበልጣል። ስገለብጠው ድንበሩ ላይ ስስ ነጭ ነገር አየሁ፣ ግን ጤዛ ይሁን ሻጋታ እርግጠኛ አይደለሁም። ሁለት ግንድ ላይ የጣት ርዝመት ያለው ጥቁር አለ፣ እዚያ ጋ ስነካው ቅንጥስ አለ። ባለፈው ማክሰኞ አንድ ጥግ ላይ አራት አምስት ተክል ብቻ ነበር። ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ አንደኛው መደብ እኩሌታው ሄዷል። ጠረኑም የበሰበሰ ቅጠል ነው።

የሻሸመኔውንም ሞከርኩ። ሩብ ሰዓት ያዝኩት፣ ውሃው ጥርት እንዳለ ነው።

ከሻሸመኔ

እሰይ፣ አጠውልግ አይደለም ማለት ነው።

ዘር ድንች አምራች

ከፎቶው ይልቅ ይሄ ጽሑፍሽ ነግሮኛል። ፎቶ የሚያሳየው የዛሬውን ነው፤ ከማክሰኞ እስከ ቅዳሜ የመደቡ እኩሌታ መሄዱን አያሳይም። አዝጋሚው የቅጠል በሽታ ከታች ካረጁት ቅጠሎች ይጀምራል፣ ክብ በክብ መስመር ይሠራል፣ ሳምንታት ይፈጃል። ይሄኛው ሌት ብላይት ይመስለኛል።

ነጩን ለመለየት አንድ ነገር አድርጊ። ዳሩ ገና እየተስፋፋ ያለ ቅጠል ቁረጪ። ያልረጠበ ፌስታል ውስጥ እርጥብ ሶፍት አንጥፊ፣ ቅጠሉን ጀርባውን ወደ ላይ አድርገሽ አስተኚው፣ አፉን ቋጥሪና ፀሐይ የማይነካው ቀዝቃዛ ቦታ አሳድሪው። ጤዛ ከሆነ ጠዋት ያው ውሃ ነው። ሌት ብላይት ከሆነ ግን በጥቁሩ ዙሪያ ጥጥ የመሰለ ነጭ ይበቅላል። ሙሉ በሙሉ የደረቀ ቅጠል አትምረጪ፣ ምንም አያወጣም። ከላይ በኩል እንደ ዱቄት የተነሰነሰና በጣት የሚጠረግ ነጭ ደግሞ ሌላ በሽታ ነው፣ እንዳታምታቺው።

ባለጓሮዋ፣ ነሐሴ 11

በቅሏል። በጥቁሩ ዙሪያ ብቻ፣ ልክ የዳቦ ሻጋታ ሲጀምር እንደሚመስለው። ለማነጻጸር አንድ ጤነኛ ቅጠልም አብሬ አሳድሬ ነበር፣ እሱ ላይ ምንም የለም።

ወንድም ከሸኖ

እንግዲያው ቶሎ ሪዶሚል ግዢና ርጪ። ያድነዋል።

ዘር ድንች አምራች

ሪዶሚል ጥሩ መድኃኒት ነው፣ ግን የሞተ ቅጠል አያስነሳም። ማንኮዜብ ደግሞ ቅጠሉ ላይ ተለጥፎ በሽታው እንዳይገባ ይከለክላል፣ ከገባ በኋላ አያወጣውም። ሪዶሚል ወደ ቅጠሉ ውስጥ ይገባል፣ ስለዚህ ገና ሲጀምር ይረዳል። ሰው ግን እሱን ብቻ በየሳምንቱ እየደጋገመ ይረጭና በሽታው ይለምደዋል።

ስለዚህ ሦስቱን መደብ አንድ ላይ አትይዢያቸው። እኩሌታው የሄደውን መደብ እኔ ብሆን አልረጭም፣ ግንዱን ከአፈሩ አጠገብ አጭደዋለሁ። የታጨደውን ከጓሮው አውጥተሽ ጥልቅ አድርገሽ ቅበሪ፣ ዳር ላይ ከምረሽ እንዳትተዪው። ከዚያ ድንቹን ቢያንስ ሁለት ሳምንት አፈር ውስጥ ተዪው። ቶሎ ካወጣሽው ልጡ አይጠነክርም፣ ቅጠሉ ላይ ያለው በሽታም በመቆፈሪያው ወደ ድንቹ ይገባል። ከአፈር ብቅ ያለ ድንች ካለ አሁኑኑ አፈር አስታቅፊው። ዝናቡ በሽታውን ከቅጠል አጥቦ የሚያወርደው በእሱ ላይ ነው።

ሁለቱን መደብ ግን ነጠብጣቡ ጥቂት ከሆነ መርጨት ያዋጣል። ልኩን ከማሸጊያው አንብቢ፣ በቤት ማንኪያ አትገምቺ። ከተረጨ በኋላ ስንት ቀን ጠብቀሽ መቆፈር እንዳለብሽም እዚያው ተጽፏል። ጓንትና የአፍ መሸፈኛ አድርጊ። ዝናብ ረገብ ባለበት ሰዓት የቅጠሉ ጀርባም እስኪነካ ድረስ ርጪ።

ባለጓሮዋ

ጋሼ፣ ማጨዱ አሳዘነኝ። አንዱን ነቅዬ አየሁት፣ ገና የእንቁላል ያህል ነው።

ዘር ድንች አምራች

ይገባኛል። ከዚህ በኋላ ግን ቅጠል ስለሌለው ብዙ አያድግም፣ ባለበት ማትረፉ ይሻላል። ምን ዓይነት ዘር ነው የተከልሽው?

ባለጓሮዋ

ከገበያ የገዛሁት የሚበላ ድንች ነው። ስሙን አላውቅም።

ዘር ድንች አምራች

ለሚቀጥለው ጉደኔ ወይም በለጠ ፈልጊ። ሁለቱም ከሆለታ የምርምር ማዕከል የወጡ ናቸው፣ ለዚህ በሽታ የተሻለ ይቋቋማሉ። ጨርሶ አይነካቸውም ማለቴ አይደለም፣ ዝናቡ ሲበረታ እነሱም መረጨት ይፈልጋሉ።

ባለጓሮዋ፣ ጳጉሜን 2

አንደኛውን መደብ ነሐሴ 12 አጨድኩት፣ ዛሬ ቆፈርኩት። ሁለቱን ሁለት ጊዜ ረጨሁ። ከሁለቱ በአንደኛው ላይ በሽታው ቆሟል፣ የአጥሩ ጥግ ያለው ግን እየተንጠባጠበ ነው። ከአጥሩ ወዲያ ጎረቤቴ የተከለችው ድንች ሙሉ በሙሉ ጠቁሯል፣ እሷ አልረጨችም።

ከቆፈርኩት ውስጥ አሥራ አንዱ ልጣቸው ላይ ጎድጎድ ያለ ወይን ጠጅ መሳይ ነገር አለባቸው። አንዱን ስሰነጥቀው ከልጡ ሥር የዛገ ብረት የመሰለ ቡናማ ወደ ውስጥ ገብቷል። አይሸትም፣ ደረቅ ነው። የቀረው ንጹህ ነው። ለዘር ላስቀምጠው?

ዘር ድንች አምራች

አሥራ አንዱን ከሌላው ለዪ፣ እሱ ራሱ ነው። የቀረውን ብዪው። ለዘር እኔ አልመክርም። ከውጭ ንጹህ የመሰለ ድንች ውስጡ በሽታውን ይዞ ይተኛል፣ በሚቀጥለው ክረምት መጀመሪያ የሚታመመው ከእሱ የበቀለው ተክል ነው።

ከሻሸመኔ

እኔ ግን በሽታ ካለፈበት ማሳ በዓይን መርጬ ተክዬ አውቃለሁ፣ ደህና ወጣ። ዘር ድንች ውድ ነው፣ ሁሉም ሰው መግዛት አይችልም።

ዘር ድንች አምራች

ውድ መሆኑ እውነት ነው። አንድ ጊዜ ደህና መውጣቱን ግን ማስረጃ አላደርገውም፣ ምናልባት ያን ዓመት ዝናቡ አግዞህ ይሆናል። ለማንኛውም በጆንያ አታጭቂው እህቴ፣ አንዱ ከበሰበሰ ሁሉንም ያበሰብሳል።

ባለጓሮዋ

እንጨት ሳጥን ላይ አንድ ረድፍ ብቻ አድርጌ ዘርግቼዋለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ እያገላበጥኩ አያለሁ። የዘሩን ነገር እስከ ግንቦት ጊዜ አለኝ። ነገ ጠዋት ጎረቤቴን ፌስታልና ሶፍት ይዤ እሄድባታለሁ፣ እሷ እስካሁን ውርጭ ነው የምትለው።