ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ ፋይናል ያመለጠው ልጅ መካፕ ይገባዋል አይገባውም?

ዶርም ሜት፦ እባካችሁ ምከሩን። ዶርም ሜቴ እዚሁ ጎንደር ሦስተኛ ዓመት አካውንቲንግ ነው። እሁድ ማታ ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ ሌሊቱን ኦፕራሲዮን ሆነ፣ ሰኞ ጠዋት የኮስት ፋይናል አመለጠው። አርብ ወጣ፣ ማክሰኞ መካፕ ሊጠይቅ ሲሄድ ቲቸሩ ወረቀቱን አይቶ «ሆስፒታል የተኛ ሰው ስልክ የለውም ወይ?» ብሎ መለሰው። ግሬድ ሳይገባ ምን እናድርግ?

የአዘዞ ልጅ፦ ሆዱን ተቀዶ የተኛ ልጅ ስልክ የለውም ወይ ይባላል? በዛ ሌሊት ማን ለማን ነው የሚደውለው፣ ልጁ እኮ ማደንዘዣ ላይ ነው። በጣም ነው ያናደደኝ። ደህና ነህ ወይ ብሎ መጠየቅ እንኳን አቃተው?

ቾክ፦ እኔም አስተምራለሁ፣ ሌላ ዲፓርትመንት ነኝ። የተናገረበት መንገድ ጥሩ አይደለም፣ ጥያቄው ግን ትክክል ነው። ሌሊቱን ማንም አይደውልም ደውልም ያለ የለም። ከሰኞ እስከ ቀጣዩ ማክሰኞ ግን ሳምንት አልፏል፣ በዚህ ሁሉ ቀን አንድ ቴክስት አይላክም? ፋይናል በመጣ ቁጥር ከፈተናው ማግስት የተጻፈ የክሊኒክ ወረቀት ይዘው ቢሮዬ የሚሰለፉ አሉ፣ የሁሉም ወረቀት «3 ቀን እረፍት» ነው የሚለው፣ በሽታው ምን እንደሆነ እንኳን አይነበብም። የመጀመሪያው ፈተና በወጣበት ቀን ማታ ቴሌግራም ላይ ስለሚለቀቅ ለአንድ ልጅ ብዬ አዲስ ፈተና ማውጣት አለብኝ፣ ክብደቱም ከመጀመሪያው እኩል መሆን አለበት፣ አለበለዚያ የተፈተኑት ይጮሃሉ። እውነተኛውን በሽተኛ ከሐሰተኛው የምለየው ቀድሞ ባሳወቀኝ ነው።

የአዘዞ ልጅ፦ ቀድሞ ያሳወቀማ አስቦበት የታመመ ነው። የፈነዳ አንጀት ቀጠሮ አይዝም መምህር።

ቾክ፦ ቀድሞ ስል ከሳምንት በፊት ማለቴ አይደለም። በቶሎ ማለቴ ነው። ቃሌን አታጣሚብኝ።

ዶርም ሜት፦ ስልኩን በተመለከተ፣ እሁድ ማታ በባጃጅ ስንወስደው ስልኩ ዶርም ቀርቷል። የኦፕራሲዮኑን ፈቃድ ወረቀት የፈረምኩት እኔ ነኝ፣ ቤተሰቦቹ ደባርቅ ስለሆኑ የደረሱት ሰኞ ከሰዓት ነው። እኔ ራሴ ሰኞ ፈተና ነበረኝ፣ ከዛም አስታማሚ ሆኜ ስሮጥ ለቲቸሩ መንገር ትዝም አላለኝ። የክፍሉ ተወካይ ግን ያውቅ ነበር።

ጋሽ ፒያሳ፦ ልጄ አንተማ ጎበዝ ነህ፣ ጓደኛህን አድነሃል። ለቲቸር መንገር የተወካዩ ፋንታ ነበር። አሁን ግን እሱን ትተህ ዋናውን ያዝ።

ነርሷ፦ ቆይ አንድ ነገር ልጠይቅ። ቲቸሩ ያየው ወረቀት ላይ ምንድነው የተጻፈው? ቃል በቃል ጻፍልኝ፣ ስሙን ደብቅ።

ዶርም ሜት፦ ስሙ፣ እድሜው፣ የካርድ ቁጥር፣ ከዛ በእንግሊዝኛ «ከኦፕራሲዮን በኋላ» የሚል ነገር፣ ከዛ ከአርብ ጀምሮ የ10 ቀን እረፍት። የሐኪም ፊርማና ማህተም አለው።

ነርሷ፦ እኔም የጠረጠርኩት ይሄንን ነው። ይህ ሲክ ሊቭ ነው፣ ከሆስፒታል ሲወጣ ለወደፊቱ እንዲያርፍ የሚሰጥ። ቀኑ ከአርብ ነው የሚጀምረው። ፈተናው ሰኞ ነበር። ታሪኩን ለማያውቅ ሰው ይህ ወረቀት «ሰኞ ጤነኛ ነበር፣ አርብ ታመመ» ነው የሚለው። ቲቸሩ ስለ ስልክ ያነሳው ምናልባት ወረቀቱ ስላላሳመነው ነው። ሐኪሙ አጠፋ ማለቴ አይደለም፣ ዋርድ ላይ ያለ ሐኪም የሚያስበው ስለ ቁስሉ እንጂ ስለ ኮስት ፋይናል አይደለም፣ የእረፍት ወረቀት ስጡኝ ሲባል የእረፍት ወረቀት ይሰጣል። የሚያስፈልጋችሁ ሜዲካል ሰርተፍኬት ነው፣ የገባበት ቀን፣ ኦፕራሲዮን የሆነበት ቀን፣ የወጣበት ቀን ሦስቱም የተጻፈበት። የካርድ ቁጥሩን ይዛችሁ ካርድ ክፍል ሂዱ፣ ካርዱ ወጥቶ ያከመው ሐኪም ጋር ይሄዳል፣ እሱ ከሌለ የዋርዱ ሌላ ሐኪም ከካርዱ ላይ አይቶ መጻፍ ይችላል፣ ከዛ ፊርማና የሆስፒታሉ ማህተም። ስትወጡ የተሰጣችሁ ማጠቃለያ ወረቀት ካለም ኮፒውን አያይዙ። እና እባካችሁ የፈተናው ቀን «ሰኞ» ተብሎ እንዲጻፍ ሐኪሙን አትለምኑት፣ እሱ የሚመሰክረው መቼ እንደተኛ ብቻ ነው።

የአዘዞ ልጅ፦ አያችሁ! ችግሩ ወረቀቱ ነበር። ታዲያ ይህን እንደ ሰው «ቀኑ አይገጥምም፣ አስተካክለህ አምጣ» ማለት አይቻልም ነበር? ለምን ስልክ የለውም ወይ?

ቾክ፦ በዚህ ተሸንፌያለሁ አልልም ግን እኔ ብሆን ቀኑን እነግረው ነበር። ስልኩንም ግን እጠይቀው ነበር።

ፍሬሽ፦ እኔም ሂሳብ ኤፍ መጥቶብኛል፣ መካፕ ልጠይቅ እችላለሁ ማለት ነው? ያኔ ጉንፋን ነበረብኝ።

የሕግ ተማሪ፦ አንተ የምትለው ሪኤግዛም ነው፣ ተፈትኖ ለወደቀ ሰው። መካፕ ላልተፈተነ ነው። አታቀላቅሉት። ሪኤግዛም በብዙ ቦታ ሲ ላይ ይቆማል፣ መካፕ ግን ሙሉ ግሬዱን ያገኛል። ስለ መጀመሪያው ጉዳይ ደግሞ ባጭሩ፣ በሴኔት ሌጅስሌሽን መካፕ የተማሪ መብት ነው፣ ቲቸሩ እምቢ የማለት ስልጣን የለውም፣ ግሬድ ቢያስገባ በቀጥታ መክሰስ ነው።

ጸሐፊ የነበርኩ፦ ወንድሜ ግማሹን ልክ ነህ ግማሹን አይደለህም። ዲፓርትመንት ቢሮ ረጅም ጊዜ ሠርቻለሁ። መብቱ ማመልከት ነው፣ ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት መሆኑን አጣርቶ የሚፈቅደው ግን ዲፓርትመንቱ ነው፣ እንደየቦታው ኮሚቴ ወይም ዲኑ ድረስ ይሄዳል። ስለዚህ ቲቸሩ ብቻውን እምቢ ማለት እንደማይችል ሁሉ ብቻውን እሺ ማለትም አይችልም። ልጁ ኮሪደር ላይ ቆሞ በቃል ጠየቀ፣ በቃል ተመለሰ፣ ቢሮው ውስጥ ስለሱ ምንም ወረቀት የለም። ነገ «አልጠየቀም» ቢባል ምን ያሳያል?

ዶርም ሜት፦ እህቴ ታዲያ በምን ቅደም ተከተል እንሂድ? ሰርተፍኬቱ ሁለት ሦስት ቀን ሊፈጅ ይችላል።

ጸሐፊ የነበርኩ፦ ሰርተፍኬቱን አትጠብቁ። ዛሬውኑ ማመልከቻ ጻፉ፣ ለዲፓርትመንት ኃላፊው፣ ግልባጭ ለመምህሩ። አንድ ገጽ ይበቃል። ስምና አይዲ ቁጥር፣ የኮርሱ ስምና ኮድ፣ ፈተናው የነበረበት ቀንና ሰዓት፣ ሆስፒታል የገባበትና የወጣበት ቀን፣ ከዛ ሁለት ጥያቄ ብቻ፤ መካፕ እንዲፈቀድለት እና እስከዛ ድረስ ግሬዱ ኤፍ ሆኖ እንዳይገባ። ያለውን ወረቀት አያይዙ፣ «ዝርዝር የህክምና ማስረጃ በቅርቡ አቀርባለሁ» በሉ። ደብዳቤው መዝገብ ላይ ይግባ፣ ቁጥር ይሰጠው፣ የእናንተ ኮፒ ላይ ገቢ መሆኑ ይፈረም። ያቺ ፊርማ ናት ቀኑን የምትይዝላችሁ። ስለ ቲቸሩ ንግግር ማመልከቻው ላይ አንድም ቃል አታስገቡ፣ ስድብና አቤቱታ የተቀላቀለበት ደብዳቤ ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ሲያድር አይቻለሁ። ፈተናው እስኪያልቅ የሚያዘውን ጊዜያዊ ግሬድ በተመለከተ አንዳንዱ ቦታ «አይ» ይሉታል አንዳንዱ «ኤንጂ»፣ ስሙ ይለያይ እንጂ ጊዜ ተሰጥቶት የሚቆይ ነው፣ ጊዜው ሲያልፍ ወደ ኤፍ ይለወጣል። ስለዚህ የመጨረሻ ቀኑን ሬጅስትራር ጠይቁ። ቲቸሩ ኤፍ ብሎ አስገብቶት ከሆነ ደግሞ ግሬድ ለውጥ ነው የሚሆነው፣ እሱ ፊርማው ብዙ ነው።

የሕግ ተማሪ፦ እኔ ያልኩትም እኮ መብት ነው ነው።

ጸሐፊ የነበርኩ፦ መክሰስም ብለሃል።

እናት ተማሪ፦ እኔ ፋይናል ሳምንት ነው የወለድኩት። ሁለት ኮርስ አመለጠኝ፣ አንዱ ቲቸር ራሱ እንኳን ማርያም ማረችሽ ብሎ ቀን ቆረጠልኝ፣ ሌላኛው ዊዝድሮው አድርጊ አለኝ። አንድ ሆስፒታል፣ አንድ ወረቀት፣ ሁለት መልስ። ለዛ ነው በቃል አትጠይቁ የምትለዋን እህቴን የምደግፋት። ሌላ ደግሞ መካፑ በምን ምዕራፍ እንደሚሆንና ከስንት እንደሚያዝ አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ እኔ ሚድ ድረስ ያለው የለበትም ብዬ አንብቤ ገብቼ ሁሉም ነበረበት።

ቾክ፦ ይሄ እውነት ነው። ጠይቁ፣ እኛም መንገር አለብን።

ጋሽ ፒያሳ፦ ስለ ክሊኒክ ወረቀት ያልከው ግን መምህር አላማረኝም። እኔ ትንሽ ክሊኒክ አለኝ፣ ሰው ታሞ ሲመጣ ነው የምንጽፈው። በጅምላ አትዝለፉን።

ቾክ፦ ጋሼ እርስዎን አላልኩም። ግን አንድ ጊዜ ከአንድ ቦታ በአንድ የእጅ ጽሑፍ የአራት ተማሪ ወረቀት መጥቶልኝ ያውቃል። ከዛ በኋላ እንዴት ልመን?

ጋሽ ፒያሳ፦ ስልክ ቁጥሩ ወረቀቱ ላይ አለ አይደል፣ ደውለህ አጣራ። ስልክ የለህም ወይ ልበልህ እኔም?

የአዘዞ ልጅ፦ ጋሼ እድሜ ይስጥልኝ! ቲቸሩም ወደ ሆስፒታሉ መደወል ይችል ነበር።

ነርሷ፦ በስልክ የበሽተኛ መረጃ አንሰጥም፣ ማን እንደደወለ አናውቅም። በደብዳቤ ይጠይቁ፣ ማህተሙ የእኛ መሆኑን እናረጋግጣለን። እና አንድ ያልተነሳ ነገር አለ። ልጁ የ10 ቀን እረፍት ላይ ነው፣ የፈነዳ ትርፍ አንጀት ካልፈነዳው ቁስሉም ድካሙም ይከብዳል። ነገ መካፕ ና ቢባል ሦስት ሰዓት ወንበር ላይ ይቀመጣል ወይ?

ዶርም ሜት፦ እሱማ ነገም ቢሉኝ እገባለሁ ነው የሚለው። ቲቸሩ ሀሳቡን እንዳይቀይር ፈርቷል።

ጸሐፊ የነበርኩ፦ እረፍቱ ሳያልቅ ከተፈተነ በኋላ «አሞኝ ነበር» ማለት አይችልም። ማመልከቻው ላይ ከእረፍቱ ማብቂያ በኋላ ያለ ቀን ይጠይቅ።

ቾክ፦ እኔ በዚህ አልስማማም። ቀኑ በራቀ ቁጥር ግሬድ ማስገቢያው ያልፋል፣ ቲቸሩም ለእረፍት ይሄዳል፣ ልጁ በአይ ሆኖ የሚቀጥለውን ሴሚስተር ይመዘገባል፣ ኮስት ቅድመ ሁኔታ የሆነለት ኮርስ ካለ ደግሞ እሱንም መውሰድ ይከለከላል። መቀመጥ ከቻለ ቶሎ ይፈተን።

ነርሷ፦ መቀመጥ መቻሉን የሚወስነው ሐኪሙ ነው እንጂ አንተም እኔም አይደለንም።

ዶርም ሜት፦ ማመልከቻውን አሁን አስገባን፣ ቁጥር ተሰጥቶታል። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው አሉን። ሰርተፍኬቱ ነገ ከሰዓት ይደርሳል ተብለናል። ቲቸሩን ኮሪደር ላይ አገኘነው፣ ግልባጩን ሰጠነው፣ ተቀበለ ግን ምንም አላለም።

የአዘዞ ልጅ፦ ይቅርታ እንኳን አላለም?

ቾክ፦ ለምን ይቅርታ ይላል? ግልባጩን ተቀብሏል አይደል።

የአዘዞ ልጅ፦ ሆዱን ተቀዶ ለወጣ ልጅ የመጀመሪያው ጥያቄ ስልክ መሆን የለበትም፣ እኔ ከዚህ ንቅንቅ አልልም።

ቾክ፦ እኔም ከሳምንቱ ዝምታ ንቅንቅ አልልም።