የ2019 ነነዌ ጥር 10 ወጣልኝ፤ ልክ ነው?

ጀማሪው፦ በባሕረ ሐሳብ የ2019ን አጽዋማት ላወጣ እየሞከርኩ ነው። ወንበሩ 13 ነው፤ በ19 አባዝቼ በ30 ስገድፈው መጥቅዑ 7 ሆነ። መስከረም 7 ሐሙስ ስለሚውል የሐሙስን ተውሳክ 3 ጨመርኩ፤ ነነዌ ጥር 10 መጣልኝ። ቀኑም ሰኞ ነው። ፋሲካ ግን መጋቢት 19 ሆነብኝ። አልቀደመም?

ሰንበቴ፦ ምኑ ቀደመ? ፋሲካ እኮ ቀንና ሌሊት እኩል ከሆኑ በኋላ ጨረቃ ሞልታ የሚመጣው እሑድ ነው። ጨረቃ መጋቢት 13 ትሞላለች፣ ቀጥሎ ያለው እሑድ 19 ነው። ካቶሊኮችም የሚያከብሩት ያን ዕለት ነው።

የቅኔ ቤት ልጅ፦ ካቶሊኮች አዎ፣ እኛ ግን አይደለንም። ወንድሜ፣ መጥቅዑ ከ14 ካነሰ በዓለ መጥቅዕ የሚውለው በጥቅምት ነው። ጥቅምት 7 ቅዳሜ ነው፤ የቅዳሜ ተውሳክ 8፣ ሲደመር 15። ነነዌም ወደ የካቲት ይሻገራል፦ የካቲት 15። 14 ስትጨምር ዐቢይ ጾም የካቲት 29 ይገባል። ለፋሲካ 69 ጨምር፤ 84 ይመጣል፣ የሁለት ወሩን 60 ስታነሣ ሚያዝያ 24።

ሰኞ መዋሉ አያታልልህ። ተውሳክ የተሠራው ሰኞ ላይ እንዲጥል ስለሆነ ወሩን ብትስትም ሰኞ ይወጣል። ይልቅ ነነዌ ከጥር 17 እንደማይቀድም፣ ከየካቲት 21 እንደማያልፍ ያዝ።

ሰንበቴ፣ ሕጉን በትክክል ተናግረሃል፤ ነገር ግን በእኛ ቀመር ቀንና ሌሊት እኩል የሚሆኑበት ዕለት መጋቢት 25 ላይ የጸና ነው። ሰማዩ ላይ ዛሬ መጋቢት 11 ወይም 12 ደርሷል፤ በየአራት ዓመቱ የምንጨምረው ቀን በጥቂቱ ስለሚበዛ። ስለዚህ የመጋቢት 13ቷ ጨረቃ ለእነሱ ታገለግላለች፣ ለእኛ ግን ገና ናት። የምንቆጥረው ቀጣዩዋን ነው፤ እሷም በቀመሩ ሚያዝያ 17 እሑድ ስለምትውል ፋሲካ ወደሚቀጥለው እሑድ ይገፋል።

ጀማሪው፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! መጥቅዑ ራሱ 14 ቢሆንስ ወዴት ነው?

የቅኔ ቤት ልጅ፦ አይሆንም። አሥራ ዘጠኙንም ወንበር አባዝተህ እይ፤ 13 አለ፣ 15 አለ፣ 14 የለም።

ሰንበቴ፦ እሺ፣ ግን የሚያዝያዋም ጨረቃ በ13 ሌሊት ነው የምትሞላው። 17 ከየት መጣ?

የቅኔ ቤት ልጅ፦ የ19 ዓመቱ ዑደትም ከሰማይዋ ጨረቃ አራት ቀን ያህል ዘግይቷል። አበቅቴና መጥቅዕ ወደ ላይ ታይተው አይወጡም፣ ተሰልተው ነው።

ሰንበቴ፦ ታዲያ ይታረማ!

የቅኔ ቤት ልጅ፦ ብቻችንን አርመን ከግብጾቹ ልንለያይ ነው? እሱን ለአባቶች ተወው።

ሰንበቴ፦ አልተዋጠልኝም።

ከፍራንክፈርት፦ ይቅርታ ላቋርጣችሁ። መሥሪያ ቤቴ ለእነሱ ፋሲካ በማርች ይዘጋል፤ እኔ የምፈልገው የእኛን ስቅለት ነው። ፈቃድ መቼ ልጠይቅ?

ጀማሪው፦ ነነዌ ላይ 67 ነው የሚጨመረው፣ አይደል? ሚያዝያ 22፤ አፕሪል 30 ዓርብ ማለት ነው፣ እህቴ። ቅዳሜ ሜይ 1 እዚያ በዓል ስለሆነ ከዓርቡ ሌላ ለማዕዶት ሰኞን ብቻ ጠይቂ።